ሁለት ፕሮምፕት ስታወዳድሩ ፈተናው ለአንዱ እንዳያደላ

አዲስ ሲስተም ፕሮምፕት፣ ማለትም ቦት እንዴት እንዲመልስ የሚያዝዝ ጽሑፍ፣ የጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው እንዲህ ነው። አሮጌው ያበላሻቸውን አምስት ስድስት ጥያቄዎች ያወጣል። አዲሱን በእነሱ ይሞክራል። አዲሱ አራቱን ይመልሳል። “በቃ ይሻላል” ብሎ ይቀይረዋል። ሳምንት ሳይሞላ ደንበኞች ድሮ ተሰምቶ በማያውቅ ነገር ማማረር ይጀምራሉ። እኔም ከአንዴም ሁለቴ አድርጌዋለሁ።

ስህተቱ ያለው ጥያቄዎቹን ስንመርጥ ነው። አሮጌው የወደቀባቸውን ብቻ ከሰበሰባችሁ አሮጌው ገና ሳይፈተን ዜሮ አግኝቷል። አዲሱ ግማሹን ቢስት እንኳ ያሸንፋል። አሮጌው በደንብ ይመልሳቸው የነበሩትን አዲሱ ቢያበላሻቸው ደግሞ ፈተናው ውስጥ ስለሌሉ አታዩትም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት አለ እንበል። ቴሌግራም ላይ ለደንበኞች የሚመልስ ቦት አለው። አሁን እየሠራ ያለውን ፕሮምፕት “ሀ” እንበለው። የዋጋ ዝርዝሩን ይዟል፣ በትህትና መልስ ይላል፣ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። አዲሱ “ለ” ሦስት መስመር ተጨምሮበታል። ዕቃዬ የት ደረሰ ለሚል ደንበኛ የትዕዛዝ ቁጥር ጠይቅ፤ ዋጋ ከመናገርህ በፊት መነሻና መድረሻ ሰፈሩን ጠይቅ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ከመጣ በአማርኛ ፊደል እንዲጽፉት ጠይቅ። “ለ” “ሀ”ን ይተካ ወይስ አይተካ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ውሳኔውን አስቀድማችሁ ጻፉ

አንድም መልስ ሳታዩ “ለ” አሸነፈ የምትሉት መቼ እንደሆነ ወረቀት ላይ አስፍሩ። በእኛ ምሳሌ ሦስት ነገር እንጽፋለን። አንደኛ፣ ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ይህን ያህል ልዩነት በዕድል ብቻ የመምጣቱ ነገር ከ100 ከ5 በታች መሆን አለበት (እንዴት እንደሚሰላ ከታች አለ)። ሁለተኛ፣ የ“ለ” ከባድ ስህተቶች ከ“ሀ” መብለጥ የለባቸውም። ሦስተኛ፣ “ለ” በየትኛውም ዓይነት ጥያቄ ጎልቶ ወደኋላ መቅረት የለበትም። ቀን ጻፉበትና ለሥራ ባልደረባ ላኩት። ውጤቱ ከታየ በኋላ መስፈርቱን ወደምንወደው ፕሮምፕት ማስጠጋት ሰው ሳያውቀው የሚያደርገው ነገር ነው። የተላከ መልእክት ግን ይከለክላል።

ቀጥሎ ከፕሮምፕቱ በቀር ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ያው ሞዴል፣ የመልሱን መለዋወጥ የሚቆጣጠረው ያው ቴምፕሬቸር፣ ያው የመልስ ርዝመት ገደብ፣ ያው የዋጋ ዝርዝር። የሞዴሉን ስም ስትይዙ ቀን ወይም የእትም ቁጥር ያለውን ሙሉ ስም ያዙ። በአጭር ስም የምትጠሩት ሞዴል አቅራቢው ሲያድሰው ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ ሊለወጥ ይችላል። “ለ” ከአዲስ የዋጋ ዝርዝር ጋር አብሮ ከመጣ ደግሞ ማን እንዳሸነፈ አይታወቅም፤ ፕሮምፕቱ ይሁን ዝርዝሩ።

ጥያቄዎቹን ከእውነተኛ ቻት ውሰዱ

ቁጭ ብሎ የተፈለሰፈ ጥያቄ ንጹሕ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ነጥቡ በቦታው። ደንበኛ እንደዚያ አይጽፍም። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ቻት አውጡ። 400 ጥያቄ ተገኘ እንበል። በዓይነት ክፈሏቸው፦ ዋጋ፣ ዕቃዬ የት ደረሰ፣ አድራሻና ሰዓት መቀየር፣ የጠፋ ወይም የተሰበረ ዕቃ፣ ከሥራው ጋር የማይገናኝ ወይም ቦቱን ለማታለል የተጻፈ።

ከዚያ ከየክፍሉ በዕጣ ምረጡ። “ይሄኛው ደስ ይላል” እያላችሁ ከመረጣችሁ ዕጣ አይደለም። ለምሳሌ የዋጋ ጥያቄዎችን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩና በየሰባቱ አንድ ውሰዱ። ለዋናው ፈተና 60 እንውሰድ፦ ዋጋ 20፣ ዕቃዬ የት ደረሰ 15፣ አድራሻና ሰዓት 10፣ የጠፋና የተሰበረ 8፣ የማይገናኝና ማታለያ 7።

የጠፋና የተሰበረ ዕቃ ላይ ቆም እንበል። ከ400ው ውስጥ 14 ብቻ ነበሩ። በድርሻቸው ብንሄድ ከ60ው ሁለት ቢደርሳቸው ነው። ግን ድርጅቱን ገንዘብ የሚያስከፍለውና ስሙን የሚያጠፋው እዚያ ላይ የሚሰጥ የተሳሳተ መልስ ነው። ስለዚህ ሆን ብለን 8 ወሰድን። ይህን ካደረጋችሁ አንድ ነገር አትርሱ፤ ከፈተናው የሚወጣው ጠቅላላ መቶኛ “ቦቱ በቀን ከሚመጣለት ጥያቄ ይህን ያህሉን ይመልሳል” ማለት አይደለም። ሁለቱን ለማወዳደር ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ከ60ው ሌላ 20 ጥያቄ ለልምምድ ያዙ። “ለ”ን የጻፈው ሰው በ20ው እንደፈለገ ይሞክር፣ ያስተካክል። 60ውን ግን አያይም። ካያቸው እነሱን እያሰበ ይጽፋል። ፈተናው ሾልኳል ማለት ነው።

ስምና ስልክ ቁጥር በሐሰተኛ ተኩ። ከዚያ ውጭ ምንም አታርሙ። “ሰአት” የተጻፈው “ሰዓት” አይሁን፤ “ሀይሌ ጋርመንት” እና “ኃይሌ ጋርመንት” እንደተጻፉ ይቆዩ። በእንግሊዝኛ ፊደል የመጣውም እንደመጣ ይቀመጥ። ፊደል ያረማችሁለት ፈተና የትኛውም ደንበኛ የማይጽፈውን ጥያቄ ነው የሚለካው። እያንዳንዱ ጥያቄ በዚህ መልክ ቢቀመጥ ይበቃል፦

```json
{"id": "q017",
 "group": "ሰዓት",
 "text": "nege 3 seat lay bole yidersal?",
 "must": ["ሰዓቱን ጠዋት 3 ብሎ መረዳት",
          "መነሻ ሰፈር መጠየቅ"],
 "must_not": ["ከሰዓት 9 ብሎ መረዳት",
              "በእርግጠኝነት ይደርሳል ማለት"]}
```

ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። ቦቱ “3 seat” የሚለውን እንደ ፈረንጅ ሰዓት ከወሰደው ከቀትር በኋላ ሦስት ይሆንበታል፤ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት። ዕቃው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው። “must” እና “must_not” የሚሉትን የሚሞላው ድርጅቱ ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ ቢሆን ጥሩ ነው። አንድም የቦት መልስ ሳያይ ይሙላው። መልሱን አይቶ ከሞላው ያየውን መልስ ትክክል ነው ብሎ መነሳቱ አይቀርም።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ንግግሩ ከአንድ መልእክት በላይ ሲሆን የድሮውን ቻት ቀድታችሁ “ከዚህ ቀጥል” ብትሉ፣ በመካከል ያሉት የቦት መልሶች የ“ሀ” ናቸው። “ለ” የራሱ ባልሆነ አነጋገር ውስጥ ገብቶ እንዲቀጥል ይገደዳል። መፍትሔው አድካሚ ነው ግን ይሠራል። ለዚያ ጥያቄ አንድ ካርድ አዘጋጁ፦ ደንበኛው ምን ይፈልጋል፣ ምን ያውቃል፣ ሲጠየቅ ምን ይመልሳል። ከዚያ አንድ ሰው ካርዱን ይዞ ከሁለቱም ጋር ከዜሮ ያውራ። ከ60ው አሥሩ እንዲህ ቢሆኑ ይበቃል፤ ሁሉንም እንዲህ ካደረጋችሁ አትጨርሱም።

የነጥብ መስጫው

ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ ስትሉ ሰው ሁሉ 4 ይሰጣል። አንዱ 4 የሚለውን ሌላው 3 ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ ሁለቱም አያውቁም። አዎ ወይም አይደለም የሚባሉ ጥቂት ጥያቄዎች ይሻላሉ።

መጀመሪያ ቀይ መስመሮቹ፣ ማለትም ከላይ ከባድ ስህተት ያልናቸው። ቦቱ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ዋጋ ከተናገረ፣ ገንዘብ ይመለስልዎታል ብሎ ቃል ከገባ፣ ወይም የሌላ ደንበኛን መረጃ ካወጣ መልሱ ወድቋል። የቀረው ምንም ያህል ቢያምር አይታይለትም። ቀይ መስመር ያልነካ መልስ ደግሞ በሦስት ጥያቄ ይታያል፦ “must” ላይ ያለው ሁሉ ተሟልቶ “must_not” ላይ ያለው ሁሉ ቀርቷል? ደንበኛው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል? አጠራሩ ተገቢ ነው? ሦስቱም አዎ ከሆኑ አለፈ።

ሁለተኛው ጥያቄ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጀመሪያ የሚመጣልን “የትዕዛዝ ቁጥር ጠይቋል?” ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ግን ከ“ለ” ፕሮምፕት የተቀዳ መስመር ነው። “ለ” እንዲጠይቅ ስለታዘዘ ሁልጊዜ ይጠይቃል፣ ሁልጊዜም ነጥብ ያገኛል። ፈተናው “ለ ለ ነው ወይ?” እየጠየቀ ነው። ደንበኛው ቁጥሩን እዚያው መልእክት ላይ ጽፎት ቢሆንስ? “ትዕዛዝ 4471 የት ደረሰ” ላለ ሰው “የትዕዛዝ ቁጥርዎን ይላኩልን” ብሎ መመለስ የሚያናድድ ስህተት ነው፤ በዚያ መስፈርት ግን ነጥብ ያሰጣል። መስፈርቱ ከደንበኛው ጉዳይ ይነሳ። ስትጨርሱ “ይህን መስመር ያለ ፕሮምፕቱ እጽፈው ነበር?” ብላችሁ እያንዳንዱን ጠይቁ።

አጠራሩም እንዲሁ በግልጽ ይጻፍ። “ትሁት ነው?” ብትሉ እያንዳንዱ ገምጋሚ የራሱን አስተዳደግ ነው የሚመዝነው። “ደንበኛውን እርስዎ ብሏል፣ ወይም አንተም አንቺም ሳይል ጨርሷል” ብትሉ ይለካል። እርስዎ ለወጣት ደንበኛ ይከብዳል የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን ክርክሩ አሁን ይለቅ፣ ነጥብ እየተሰጠ አይሁን።

ከዚያ ሁለት ሰው በየራሱ ከልምምዱ 15 መልሶች ላይ ነጥብ ይስጥ። 15 መልስ በሦስት ጥያቄ 45 ውሳኔ ነው። በ9 ላይ ተለያዩ እንበል። ዘጠኙ የት እንዳሉ ተመልከቱ። ሰባቱ “ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል?” ላይ ከሆኑ ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም፣ ጥያቄው ላልቷል። አንድ አዎ የሚባል መልስና አንድ አይደለም የሚባል መልስ ምሳሌ ጻፉበትና በሌላ 15 መልሶች ድገሙት። ሁለት ሰው የማይስማማበት መስፈርት ሁለት ፕሮምፕት መለየት አይችልም።

ማስኬድና መግጠም

ያው ፕሮምፕት ለያው ጥያቄ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ መልስ ይሰጣል። ቴምፕሬቸሩን ዜሮ ብታደርጉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ በእያንዳንዱ ፕሮምፕት ሦስት ጊዜ አስኪዱ። 60 በ2 በ3፣ 360 መልስ ነው። በአንድ ቀን፣ እያፈራረቃችሁ አስኪዱ እንጂ “ሀ”ን ሰኞ “ለ”ን ሐሙስ አታድርጉ። ጥያቄው አለፈ የሚባለው ከሦስቱ ሁለቱ ካለፉ ነው።

ከዚህ በፊት አንድ ርካሽ ሙከራ አለ፤ ሰው ለምን እንደሚዘለው አይገባኝም። “ሀ”ን ከራሱ ጋር አወዳድሩ። ሁለት ጊዜ አስኪዱትና ሁለተኛውን እንደ ተፎካካሪ ቁጠሩት። በ60ው ላይ ስድስት ጥያቄ ቢለያይ፣ ምንም ሳይቀየር ይህን ያህል መወዛወዝ አለ ማለት ነው። “ለ” በሦስት ጥያቄ በለጠ ሲባል ያን ጊዜ አትደነግጡም።

360ውን መልስ ቀላቅሉ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ስም አውጡና ኮድ ስጧቸው። ገምጋሚዎቹ ፕሮምፕቶቹን ያላነበቡ ይሁኑ። ካነበቡ “መነሻ ሰፈርዎን ይንገሩን” የሚል ሲያዩ “ይሄማ ለ ነው” ይላሉ።

ጊዜ አጥሮ ነጥብ መስጠቱን ለሌላ ሞዴል የሚሰጥ ሰው አለ። ይቻላል። ግን ሞዴል ሲዳኝ ሁለት መልስ ጎን ለጎን ከቀረበለት በቅደም ተከተሉ የመወሰን፣ ረጅሙን የመምረጥ፣ የራሱን አጻጻፍ የመውደድ ዝንባሌ እንዳለው ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ ከዚያው መስፈርት ጋር ስጡት። ጎን ለጎን ካደረጋችሁት ደግሞ ቦታ አቀያይራችሁ ድገሙት፤ ሲቀያየር ሐሳቡን ከቀየረ እኩል ብላችሁ መዝግቡ። ቢያንስ 30 መልስ ላይ ከሰው ጋር አስተያዩት። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ላይ በተለይ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ቁጥሩን ማንበብ

ውጤቱ እንዲህ መጣ እንበል። ሁለቱም ያለፉት 35። ሁለቱም የወደቁት 9። “ለ” ብቻ ያለፈው 11። “ሀ” ብቻ ያለፈው 5። ሲደመር “ሀ” 40፣ “ለ” 46 አልፈዋል። በመቶኛ 67 እና 77። ስብሰባ ላይ “በአሥር በለጠ” ቢባል ይጨበጨባል።

ግን 44ቱ ጥያቄዎች ስለ ልዩነቱ ምንም አይናገሩም። የሚናገሩት 16ቱ ናቸው፤ 11 ለ 5። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ እያንዳንዳቸው 16ቱ ሳንቲም እንደመወርወር ናቸው። 16 ጊዜ ወርውራችሁ በአንዱ ወገን 11 ወይም ከዚያ በላይ የመምጣቱ ነገር ምን ያህል ነው?

```python
from math import comb
b, a = 11, 5
n = a + b
p = 2 * sum(comb(n, k) for k in range(max(a, b), n + 1)) / 2**n
print(round(min(p, 1), 3))
```

0.21 ይወጣል። ሁለቱ እኩል ቢሆኑም ከ100 ጊዜ 21 ጊዜ ይህን ያህል ልዩነት በዕድል ብቻ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። አስቀድመን 5 ብለን ጽፈናል። 13 ለ 3 ቢሆን ኖሮ 0.021 ይሆንና ያልፍ ነበር። በሁለት ጥያቄ ልዩነት እዚያ መድረሱን ስታዩ 60 ጥያቄ ምን ያህል ጠባብ መነጽር እንደሆነ ይገባችኋል። ትንንሽ መሻሻል በዚህ አይታይም፤ ትልቁን ብቻ ነው የሚይዘው።

ቀይ መስመርን ለብቻው፣ በየፕሮምፕቱ 180 መልስ ላይ ቁጠሩ። ከሦስት ሁለት ካለፈ አለፈ የሚለው ደንብ አንዷን የተሳሳተች የገንዘብ ተስፋ ይሸፍናታል። በምሳሌያችን ሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ነክተዋል፤ እኩል።

ቀጥሎ “ሀ” ብቻ ያለፋቸውን አምስቱን አንብቡ። ከአምስቱ አራቱ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው። “ለ” ለአራቱም “እባክዎ በአማርኛ ፊደል ይጻፉልን” ብሎ መልሷል። እንደታዘዘው ነው ያደረገው። ደንበኛው ግን የአማርኛ ኪቦርድ ስልኩ ላይ ስለሌለው ነው እንደዚያ የጻፈው። “ለ”ን ወደኋላ የሚያስቀረው ያቺ መስመር ናት፤ የቀሩት ሁለቱ መስመሮች ጥሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እንግዲህ ያቺን መስመር አውጥታችሁ በእነዚሁ 60 ጥያቄዎች ብትፈትኑት “ለ” ያሸንፋል። ግን አሁን 60ውን አይታችኋል፤ ማስተካከያውም ከእነሱ የመጣ ነው። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ወደነበረው ሰው ተመለሳችሁ። 60ው ወደ ልምምድ ይውረዱና አዲስ 60 ይመረጥ። ከ400ው ውስጥ ያልተነኩ 320 አሉ፤ ለዋጋና ለ“የት ደረሰ” ከበቂ በላይ ነው። የጠፋና የተሰበረ ዕቃ ላይ ግን ከ14ቱ 8 ለፈተናው፣ 4 ለልምምድ ስለወሰድን የቀሩት ሁለት ናቸው። ለእነሱ አንድ ወር ያህል ተጨማሪ ቻት እስኪጠራቀም “ሀ” ሥራውን ይቀጥላል።